ጋሽ ንጉሤ እግሩን ከፍሬን ያነሣ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ልጄ ቤት ምሳ ቀርቦልኝ ሬዲዮው ይለፈልፋል። የምሰማው ካለመስማት ይሻላል ብዬ ነው፤ ስለ ደግነት የሚያወራ ሁሉ ይሰለቸኛል። ጋዜጠኛው ግን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጋይንት መንገድ ዳገት ላይ ተበላሽቶ እንደ ቆመ ተናገረና «ተማሪዎቹ በሙሉ በሰላም ወርደዋል» አለ። ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። ልጄ «አባባ፣ ምነው?» ስትለኝ «ምንም፤ ሽሮው ጨው በዛበት» አልኋት። ጨው አልበዛበትም።

በሰላም ወርደዋል! አንዲት ቃል ናት፤ አፍ ላይ ትቀላለች። ከተሰበረ አውቶቡስ ልጅ በሰላም እንዴት እንደሚወርድ የሚያውቀው ግን ታኮ ያጎረሰ ሰው ነው።

በጃንሆይ ዘመን የአውራጃው ትምህርት ቤት አውቶቡስ ረዳት ነበርሁ። ሥራዬ ዕቃ መጫን፣ በር መክፈት፣ አውቶቡሱ ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ከጎማ ሥር ማስገባት ነበር። ታኮ ማለት ከወይራ የተጠረበ፣ እንደ ሽብልቅ አንድ ወገኑ የሰላ ጉማጅ እንጨት ነው። ሁለት ነበሩን፤ ከአውቶቡሱ ኋላ በሰንሰለት ይንጠለጠላሉ። ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነው፤ ፊደል የሚባል አላውቅም፤ የቆጠርሁት ልጆች ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ሾፌሩ ጋሽ ንጉሤ ይባላል፤ ስድብ የማይሰለቸው፣ ሲሰድብ ግን የማያስቀይም ሰው።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ የእስቴ ተማሪዎችን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ልናደርስ ተላክን። ሰኔ መግቢያ ነው። መሬቱ በመጀመሪያው ዝናብ ረጥቦ ገበሬው ሁሉ ሞፈሩን አውጥቷል፤ አየሩ የታረሰ አፈር ይሸታል። ጋሽ ንጉሤ ከመነሣታችን በፊት የፍሬኑ ዘይት እንደሚያፈስ ለአለቆቹ ተናግሮ ነበር። «ለፈተናው አድርሰህ ስትመለስ ይሠራል» አሉት። የአለቃ ነገር ይኸው ነው፤ ዳገቱን እነሱ አይወጡትም።

ተማሪዎቹ ዳቦ ቆሎና በሶ በየአኮፋዳቸውና በየጣሳቸው ይዘው ተጫኑ። ከስማዳ ድረስ በእግሯ መጥታ እስቴ ዘመድ ቤት ተጠግታ የምትማር፣ አስናቀች የምትባል ልጅም ነበረች፤ የመጀመሪያዋ አውቶቡስ ስለሆነ የወንበሩን ብረት ጨብጣ አትለቅም። አብረዋቸው አንድ አስተማሪና የኔታ ነበሩ። የኔታ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ተምረው ያደጉ ቄስ ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ ግብረ ገብ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም አይታዘዝ። በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ሰጠናቸው።

አንድ ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ ጉም ወረደብን። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ገደል ነው። አንድ ጥምዝዝ እንዳለፍን ከሥራችን ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ጮኸ፣ አውቶቡሱ ግን ቆመ። ወዲያው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

«ታኮ!» አለ ጋሽ ንጉሤ።

ዘልዬ ወረድሁ። ሁለቱንም ታኮዎች ከኋላ ጎማዎች ሥር ወሸቅሁ፤ አንዱ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ እንደገና በተረከዜ እየረገጥሁ አስገባሁት። አውቶቡሱ ታኮው ላይ ተኝቶ ቆመ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ከሞተሩ መጥቶ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ብረት ተበጥሷል። ማርሽ ውስጥ ቢከተትም ጎማውን አይዝም። የዚያ አውቶቡስ የእጅ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው ያንኑ ብረት ስለነበር እሱም ለጌጥ ቀረ። የቀረን የእግር ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እሱም ዘይት ያፈሳል።

በመስኮቱ ነገርሁት። ጋሽ ንጉሤ ፊቱን አላዞረም። መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ይዞ ነበር፤ ቢንሸራተት እንኳ ቂጡ ተራራውን እንዲመታ።

«ፔዳሉ እየሰመጠ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እየደጋገምሁ ካልረገጥሁት አይዝም። በረገጥሁት ቁጥር ደግሞ ትንሽ ይለቃል። ልጆቹን አውርድ። በሩ ገደል ወገን ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይሄዱ። ሁሉም ወደ ፊት፣ ወደ ዳገቱ። ሰማህ? ከኋላው አንድ ሰው ብትተው አጥንትህን ነው የምሰብረው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን አባቴ እሆናለሁ? እዚሁ እደንሳለሁ።»

አስተማሪው ጊዜ አላጠፋም። የአንዲት ልጅ ቀይ ሹራብ ተቀብሎ፣ ከላይ የሚመጣ መኪና ሊያስቆም ወደ ጉሙ ሮጠ። ከመሮጡ በፊት ሁለት ጎረምሶች በእጁ ጎትቶ አውርዶ፣ በተራራው ጥግ ዞረው ከጥምዝዙ በታች ቅርንጫፍና ድንጋይ መንገዱ ላይ እንዲደረድሩ ላከ። እኔ የጣሪያውን የዕቃ ገመድ ፈትቼ አንዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ፣ ሌላውን ከፊት ለፊታችን ካለ የወይራ ግንድ ጋር አሰርሁ። ከበሩ እስከ ገደሉ ያለችው መሬት ለአንድ ሰው ብቻ ትበቃለች፤ ልጆቹ ገመዱን ይዘው ወደ ዳገቱ መሄድ ነበረባቸው።

«ውረዱ!» አልሁ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፈርተው መስሎኝ ነበር። ፈርተውስ ነበር፤ ግን እሱ አይደለም ያቆማቸው። የኔታ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ያ አገር ልጁን ያሳደገው ታላቅ ሳይነሣ እንዳይነሣ፣ ቄስ ሳይወጣ በር እንዳይረግጥ ነው። በፊታቸው አልፎ የሚወርድ ጠፋ። የፊተኛው ልጅ ጎንበስ ብሎ «የኔታ ይቅደሙ» ይላል። የኔታ ደግሞ «ኧረ ልጄ፣ እናንተ ቅደሙ፤ እረኛ ከበጎቹ በፊት አይወጣም» ይላሉ። «በማርያም፣ የኔታ!» «በማርያም፣ ልጄ!» ሠርግ ቤት የገባን መሰለ። ከሥር የጭቃው ድምፅ ይሰማል፤ የጋሽ ንጉሤ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ሲረግጥ።

«ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ!» ብሎ ጮኸ። «ገደል ውስጥም ይቅደሙ ልትባባሉ ነው?»

አውቶቡሱ ታኮው ላይ ተንቀጠቀጠ። አስናቀች ጮኸች። ልጆቹ አሁን በአንድነት ሊነሡ ሆነ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ቢጋፉ ግማሹ ገደል ይገባል።

የኔታ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ድምፃቸው ያን ያህል ነው ብሎ ማን ይገምታል?

«በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ገዝቻለሁ! በፊቴ አልፎ የማይወርድ የተገዘተ ይሁን! የሚጋፋ የተገዘተ ይሁን! ከወረደም በኋላ ለዳቦውም ለደብተሩም ብሎ የሚመለስ የተገዘተ ይሁን!»

እኔ በሕይወቴ ብዙ ፖሊስ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ሰው ሲያሰልፍ ግን አላየሁም። አንድ በአንድ መጡ። እያንዳንዱ በየኔታ ጉልበት ፊት ሲያልፍ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ እጁን ይዤ አወርደዋለሁ፣ ገመዱን አስጨብጠዋለሁ፣ «ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ አትይ» እለዋለሁ። በአውቶቡሱ ፊት አቋርጠው ተራራው ጥግ ይሰበሰባሉ። አስናቀች ወንበሩን አለቅም አለች። የኔታ «የስማዳዋ፣ ተገዝተሻል» አሏት። ወንበሩን እንደ እሳት ለቀቀችው። አንዱ ልጅ ከወረደ በኋላ «ጫማዬ!» ብሎ ዞረ፤ ጓደኞቹ «ተገዝተሃል!» ብለው ጮኹበት። በባዶ እግሩ ቆመ።

የቀሩት የኔታ ናቸው። ገብቼ ላነሣቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«አንተ ወርደህ አልነበር? የወረደ እንዳይመለስ ገዝቻለሁ እኮ።»

«ይፍቱኝ፣ የኔታ!»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ቶሎ በል እንግዲህ።»

በጀርባዬ አዝያቸው ወረድሁ። ደረቅ እንጨት ያህል ናቸው፣ ቀላል። ተራራው ጥግ ሳስቀምጣቸው መጀመሪያ የጠየቁት «የቀረ አለ?» ብለው ነው። ልጆቹን የወንበር ጓደኛ ከወንበር ጓደኛው እያያያዝሁ አየሁ፤ ወደ ታች የሄዱት ሁለቱ ጎረምሶችም ተመልሰዋል። የጎደለ የለም።

«ንጉሤ ብቻ» አልኋቸው።

የኔታ ተጣሩ። «ንጉሤ! ውረድ!»

«እግሬን ካነሣሁ ይሄዳል፣ የኔታ!»

«ይሂድ! ብረት ነው!»

«የመንግሥት ብረት ነው! ነገ የሚጠየቀው ማን ነው? ከላይ መኪና ቢመጣ በሰንሰለት ይይዝልኛል!»

ጆሯችንን አቀናን። ጉሙ ውስጥ ምንም አይሰማም። አንዱ ታኮ ጭቃውን እያረሰ ወደ ኋላ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። ድንጋይ ላቀብለው ልሮጥ ስል ጋሽ ንጉሤ «ዋ! ከኋላ እንዳትመጣ!» ብሎ ሰደበኝ፤ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም።

የኔታ መስቀሉን ወደ ድምፁ አቅጣጫ አነሡ። «ንጉሤ! ገዝቼሃለሁ! ከዚያ ብረት ጋር ብትቀር አልፈታህም፣ መቃብርህ ላይም አልፈታህም!»

ፔዳሉን አንዴ ረገጠ። ከዚያ የበሩ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ንጉሤ በግራ በኩል፣ ወደ ተራራው ተወርውሮ ጭቃው ላይ ወደቀ። አውቶቡሱ ታኮውን ረገጠና ዘለለው፤ መሪው የሚይዘው ሲያጣ በራሱ ተመለሰ፤ ቂጡ ወደ ገደሉ ዞረ። ሲወድቅ ብዙ አልጮኸም። ጉሙ ዋጠው። የተሰማን የዳቦ ቆሎ ጣሳ ከድንጋይ ድንጋይ ሲንኳኳ ነው።

ጥቂት ቆይቶ አስተማሪው ያስቆመው የጭነት መኪና መጣ። ልጆቹ በእሱ ደብረ ታቦር ገቡ፣ ተፈተኑም። አስናቀች አልፋ አስተማሪ ሆነች ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ንጉሤ ታሰረ። የመንግሥት ንብረት ወደ ገደል ለቋል ተባለ። መርማሪው «እግርህን ለምን አነሣህ?» ሲለው «ተገዝቼ» አለ፤ ቢሮው ሙሉ ሳቀበት። ስለ ዘይቱ የተናገረውን የሰማ አለቃ አልተገኘም። የነዚያ ሁሉ ልጆች ወላጆች ለየኔታ በግ አመጡ፤ ለጋሽ ንጉሤ ግን እንጀራ ይዞ እስር ቤት የመጣ ወላጅ አላየሁም። ክፋት ነው አልልም። ልጃቸው ድኗል፤ የዳነ ልጅ ያለው ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚያየው። የኔታ በጉን አሳርደው፣ በእኔ እጅ ላኩለት። ሲፈታ መንጃ ፈቃዱን ነጠቁት። የሰው መሬት፣ ምርቱን እኩል እየተካፈለ፣ ሲያርስ ኖሮ ሞተ። ሲያርስ አይቼዋለሁ፤ ቀኝ እግሩን መሬት ላይ ይደጋግም ነበር፣ ሲረግጥ፣ ሲረግጥ።

ልጄ ቤት ምሳ ላይ ሳለሁ ሬዲዮው አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። ልጄ ጣቢያውን ልትለውጥ ስትል እጇን ያዝሁት። «በአውቶቡሱ ላይ ከፍተኛ ጉዳት ደርሷል፤ ሾፌሩ ለምርመራ በቁጥጥር ሥር ውሏል።»

ልጄ ሰውየውን አውቀው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቀውም። ጥፋት ይኑርበት አይኑርበትም አላውቅም፤ ሰክሮም ይሆናል፣ ምን አውቃለሁ። ልጆቹ ግን ወርደዋል።

«የተረፈውን ሽሮ በሳህን አድርጊልኝ» አልኋት። «እንጀራም ጨምሪ፤ ለታሰረው ሾፌር ነው።»