ዝሁራና መሪኅ በአይናዲስ ስልክ ላይ

አይናዲስ በልቧ የምታውቀውን ነገር ሰማይ ካልመሰከረላት ለምን አላምንም አለች? ጎረቤቷ ሆኜ ብዙ ጊዜ አሰብኩት።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መናኸሪያው አጠገብ ከባልንጀራዋ ከጤናዬ ጋር አንድ ጠባብ ሱቅ ተከራይታ የቀሚስ ጥልፍ ትሠራለች። መርፌዋን ስታስቀምጥ ስልኳን ታነሳለች። በስምና በእናት ስም የሚቆጠረውን ኮከብ አትወድም። የልደት ቀን ተቀብላ ሰባቱ ከዋክብት በዚያ ቀን የት እንደነበሩ ታያለች፤ ከሁሉ አስቀድማ ሁለቱን ትፈልጋለች። ዝሁራ፣ ፈረንጆች ቬነስ የሚሏት፣ ሰው ምን እንደሚወድ፣ በምን እንደሚማረክ ትናገራለች። መሪኅ፣ ማርስ የሚሉት፣ ደግሞ እንዴት እንደሚመኝ፣ የተመኘውንም እንዴት እንደሚከተል። የአንዱ ዝሁራ ከሌላው መሪኅ ጋር አንድ ቦታ ከተገናኘች ወይም ከሩቅ ከተያየች መሳሳብ አለ ትላለች። መስመራቸው ከአምስት ዲግሪ በላይ ከሳተ ግን አትቆጥረውም።

እንዳላማው አማኑኤል ከተማ የእንስሳት ሐኪም ነው። ለእናቱ ቀሚስ ሊያሠራ መጥቶ ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ ተመላለሰ። ደፍ ላይ ይቆማል፣ ያወራል፣ ይሄዳል። እጇን እንኳ ይዞ አያውቅም። ባለፈው ወር ግን በድንገት፣ «ለአባትሽ ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

«መጀመሪያ የልደት ቀንህን ስጠኝ» አለችው።

እንዳትቸገር ብሎ ራሱ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ ላከላት። በዚያ ቀን የሱ መሪኅ ሑት በሚባለው የኮከብ ምልክት ላይ ነበር፤ የሷ ዝሁራ ደግሞ ሚዛን ላይ። እነዚህ ሁለት ምልክቶች እርስ በርስ አይተያዩም። የሱ ዝሁራ ሐመል ላይ፣ የሷ መሪኅ አሰድ ላይ ነበሩ። ሐመልና አሰድ ሁለቱም የእሳት ምልክቶች ናቸው ብላ ተስፋ አደረገች፤ ሆኖም መስመራቸው ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ሳተ። ሦስት ቀን መላልሳ አየችው። በአራተኛው ቀን፣ «ይቅርብህ፣ ሽማግሌ አትላክ» ብላ ጻፈችለት።

በማግስቱ የእናቱን ቀሚስ ሊወስድ መጣና እንደ ልማዱ ደፍ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ፣ አንተ! በሩን ልትጠብቅልን ተቀጠርክ እንዴ?» አለችው ጤናዬ።

«አልቀመጥም። ቀሚሱን ስጡኝና ልሂድ።»

«ሽማግሌ ነበር የምትልክ አሉ፤ አሁን ሳይህ ራስህም ለሽምግልና ትበቃለህ።»

ሳይወድ ሳቀ። «አትቀልጂ ጤናዬ። ገና የሰማንያ ዘጠኝ የካቲት ልጅ ነኝ።»

አይናዲስ ቀሚሱን እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ።

«ሰማንያ ዘጠኝ? ወደ ፈረንጅ ስትለውጠው ስንት ደመርክ?»

«ሰባት ነዋ። ሰባት ዓመት አይደል የሚበልጡን?»

«እስከ ታኅሣሥ ነው እኮ ሰባት! የነሱ ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ይለወጣል። ለየካቲት ስምንት ነው የሚደመር።»

«ታዲያ አንድ ዓመት ምን ያመጣል?»

«ሌላ ሰው ነበራ ያየሁት!»

ቀሚሱን ጭኗ ላይ ጥላ ስልኳን አወጣች። የላከላትን ቀን በትክክለኛው ዓመት አስገባች። የልደት ሰዓቱን አልጠየቀችውም፤ ዝሁራ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል፣ መሪኅ ከዚያም ያነሰ ስለሚሄዱ ለእነሱ ሰዓት ብዙ አይለውጥም።

ጤናዬ ተነስታ በትከሻዋ በኩል ስልኩን አየች፤ ግን ክብና ቁጥር እንጂ ሌላ አልታያትም።

የሱ መሪኅ ሚዛን ላይ፣ የሷ ዝሁራ ካረፈችበት ዲግሪ ላይ ነበር። የሱ ዝሁራ ደለዊ ሃያ አንድ ዲግሪ ላይ፤ የሷ መሪኅ ልክ ፊት ለፊት፣ አሰድ ሃያ አንድ። ሁለቱም ጥንድ ገጥሟል። ለስንቱ ሰው ስታይ አንዱ እንኳ ሲገኝ ትደነቅ ነበር። በሱ መሪኅ አጠገብ ደግሞ የኋሊት የመሄድ ምልክት አለ። እንዲህ ያለው ሰው ምኞቱን ወደ ውስጥ ይመልሳል፤ ይዘገያል እንጂ አይሻም ማለት አይደለም። ቀና ብላ አየችው። አሁንም ደፍ ላይ ቆሟል።

«ምን አገኘሽ?» አላት።

«ዓመቱን ሙሉ ለምን በር ላይ እንደቆምክ።» አለችው። «ፊት ለፊት መቆማቸው ግን ያጣላናል። እኔ ቅረበኝ እላለሁ፣ አንተ ልቀቂኝ ትላለህ። ደግሞ እነዚህ ሁለት ከዋክብት መሳሳቡን እንጂ ትዳር መጽናቱን አይናገሩም።»

«እሱን እኛ እናየዋለን። ልላክ?»

«ላክ።»

ጤናዬ እልል አለች። እሱ ደፉን ተሻግሮ ገባና ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ያዘ።

ያን ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አይናዲስ ጋቢዋን ደርባ ግቢው ውስጥ ተቀመጠች፤ ስልኳን አልያዘችም። ሁለት ሰዎች በሦስት ዓመት ተኩል ልዩነት፣ ሳይተዋወቁ ተወልደው ይህ ሁሉ እንዴት ተገጣጠመ ብላ እያሰበች ይመስለኛል፣ ወደ ላይ ብቻ ታይ ነበር። ዶሮ ጮኸ። በሯ የተዘጋውና መብራቷ የጠፋው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው።