አባይነሽ የያዘችው ባዶ ሃያ ደቂቃ

አባይነሽ ወደ ሻኪሶ የመጣችው የግራ ጆሮዋ መስማት ካቆመ በኋላ ነው። ነገሌ ላይ ያገባችው ሰው በጥፊ መትቶ አደነቆራት። በሦስተኛው ቀን የልጇን ልብስ በፌስታል ቋጥራ፣ እሱ ከሥራ የሚገባበትንና ከቤት የሚወጣበትን ሰዓት አስልታ፣ በመሐል ባለችው ክፍተት ወጣች። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ዕለት የክሊኒኩን ወለል አብረን ከደም እያጠብን ነበር።

እኔ በዚያ ክሊኒክ ቁስል የማጥብ ነርስ ነበርኩ፤ ሉብና እባላለሁ። እሷ ካርድ ክፍል ተቀምጣ በሽተኛ ትመዘግባለች፣ ቀጠሮ ትሰጣለች። የክሊኒኩ ባለቤት ፋዲል በሙያው ጤና መኮንን ነው፣ ሰው ሁሉ ግን ዶክተር ይለዋል። አባቱ ከገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አለው። ፋዲል ክፉ ሰው አይደለም። ወረፋ ሲረዝም ግን ክሊኒኩ ያደገ ይመስለው ነበር።

ሻኪሶ ወርቅ የሚቆፈርባት ከተማ ናት። የሚመጣልን ሰው በአካፋ የተፈነከተ፣ ጉድጓድ የተናደበት፣ በገጀራ የተመታ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ፋዲል ሐሙስ ሐሙስ ብቻ አንድ ቀዶ ሐኪም ከሌላ ከተማ ያስመጣል። ሐኪሙ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስድስት ይሠራና በመጣበት መኪና ይመለሳል።

የሐሙሱን ቀጠሮ ያበጀችው አባይነሽ ነበረች። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁለት ሐሙስ በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱ በሽተኛ ገብቶ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጻፈች። አንዱ አሥራ ሁለት፣ አንዱ ሃያ አምስት ሆነ። አብዛኛው አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ሰጠች። ከሦስት ሰው በኋላ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ባዶ ትተዋለች፤ የዘገየው የሚካካሰውም፣ ቀጠሮ ሳይዝ የመጣው የሚታየውም በዚያ ነው። ደም የሚፈሰውና መተንፈስ ያቃተው ሰዓት አይጠየቅም፣ ቀጥታ ይገባል፤ ወደኋላ ለሚገፉት እሷ ትደውላለች። ሌላው ቁጥር ይዞ ባዶዋን ይጠብቃል። ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚወስድ ነገር ይዞ የመጣ፣ ካላጣደፈው፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይቀጠራል።

ጉዮና ሚልኪ የመጡት እሷ ሥራ በጀመረችበት ዓመት ነው። ሁለቱም ከአንድ አገር፣ ከተልተሌ፣ የመጡ ልጆች ናቸው፣ አንድ ጉድጓድ አብረው ይቆፍሩ ነበር። ጉድጓዱ ሲናድ ገመዱን የያዘው ጉዮ ነበር፤ ከታች የነበረው የሚልኪ ታናሽ ወንድም ነው። ጉዮ ገመዱ ከእጄ ተነጠቀ አለ። ሚልኪ ለቀቀው አለ። ሬሳው በወጣ በአራተኛው ቀን ሚልኪ ገጀራ ይዞ ሄዶ የጉዮን ቅልጥም እስከ አጥንቱ ቆረጠው፣ ጉዮም ወድቆ ሳለ በአካፋ የሚልኪን ግራ ትከሻ ሰበረው። ሁለቱንም በአንድ ፒካፕ ጭነው አመጡልን። በመንገድ ላይ እንኳ እየተናከሱ ነበር፤ የጉዮ ክንድ ላይ የጥርስ ምልክት አይቻለሁ።

ፖሊስ ቃላቸውን ተቀብሎ በዋስ ለቀቃቸው። ሽማግሌዎች ለእርቅ ተቀመጡ፣ እስኪያበቃ ድረስም ሁለቱ በአንድ መንገድ እንዳይሄዱ፣ በአንድ ደጃፍ እንዳይቀመጡ አዘዙ። ከሽማግሌዎቹ ኦቦ ዋሪዮ የሚባሉት ራሳቸው ክሊኒኩ ድረስ መጡ። አባይነሽ ተነስታ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው፣ ወንበር አቀረበች። እሳቸው ግን ሳይቀመጡ ፋዲልንም አስጠሩትና ለሁለቱም ነገሯቸው።

«ዓይናቸው እንዳይገናኝ። ደሙ ገና ትኩስ ነው።»

ቁስል ማጠቡ ቀላል ነበር፣ አንዱን በአንዱ ቀን፣ ሌላውን በሌላው ቀን አደረግነው። ችግሩ ሐሙስ ነው፤ ሁለቱም ለቀዶ ሐኪሙ መታየት አለባቸው። ሚልኪ ከቁፋሮው የሚመጣው ሦስት ሰዓት ከሃያ በሚደርስ መኪና ነው፤ መኪናው አራት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ስለዚህ አባይነሽ እሱን ጠዋት፣ ጉዮን አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ አደረገችው። አንዱ ሲገባ ሌላው ከከተማ ከወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆነዋል። እንዲህ እያልን አምስት ሐሙስ አለፈ።

ከዚያ ፋዲል ቀጠሮውን አሳጠረው። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ፣ ባዶ የለም፣ ቀጠሮ ያለው ሁሉ እስከ አምስት ሰዓት ያልቃል፣ የቀረው ሰዓት ያለቀጠሮ ለሚመጣው ነው አለ። አባይነሽ አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጀውን በአሥር ብንጽፈው አሥር አይሆንም አለችው። አልሰማትም። በመጀመሪያው ሐሙስ አራት ሰዓት የተቀጠረው አምስት ተኩል ገባ። በረንዳው ላይ ሁለት ሰዎች ተናነቁ። አንዲት የበሽተኛ እህት በመስኮቱ እጇን ሰዳ የአባይነሽን ፀጉር ጎተተች፣ ግንባሯንም ከብረቱ ጋር አጋጨችው። አባይነሽ ደሟን በጥጥ ጠርጋ ወደ ሚቀጥለው ስም አለፈች።

በአዲሱ ቀጠሮ ሚልኪ ሦስት ተኩል፣ ጉዮ አራት ሰዓት ከሃያ ሆኑ። ሃምሳ ደቂቃ ይበቃል አለ ፋዲል። አባይነሽ ግን ከሚልኪ በፊት ሦስት ሰው ካለ ሚልኪ የሚገባው መኪናው ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው እንደሚሆን አወቀች። ስለዚህ ከሦስት ሰዓት ከአሥር እስከ ሦስት ተኩል ባለው ቦታ የሌለች በሽተኛ ጻፈች፣ ቤቴል ኦሲያ የምትባል። የመጀመሪያው ሰው ቢዘገይ በቤቴል ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ሚልኪ በሰዓቱ ገብቶ ወደ መኪናው ይሮጣል። ለእኔ ነገረችኝ፣ ለፋዲል አልነገረችውም። ለአራት ሐሙስ ሠራ።

በአምስተኛው ሐሙስ ፋዲል ከሥራ በፊት መዝገቡን አገላበጠ። ይቺ ቤቴል በየሳምንቱ ተቀጥራ በየሳምንቱ ትቀራለች፣ ለምን አላባረርሻትም ሲላት አባይነሽ መዋሸት አልቻለችም፣ ሰዓቱን ለምን እንደያዘች ነገረችው። ፊቱ ደም መሰለ። ሰው በረንዳ ላይ ፀሐይ እየመታው የሌለ ሰው ቀጥራ ትይዛለች ብሎ ሁላችን እየሰማን ሰደባት። ስሙን በእስክሪፕቶ ሁለቴ ሰረዘውና የአባቱን ወዳጅ ነጋዴውን ዓብዱልሀኪምን ጠራ። ዓብዱልሀኪም ጀርባው ላይ እንቁላል የምታህል የስብ እብጠት ነበረችው፣ ዓመታት የቆየች።

አባይነሽ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፤ «ዶክተር፣ ይህ ለሚቀጥለው ሐሙስ የሚቀጠር ነው። ዛሬ ካስገቡት ሚልኪን የት ላድርገው?»

«አሥራ አምስት ደቂቃ ነው» አላት።

ሐኪሙ ዓብዱልሀኪምን ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ያዘው። እብጠቷ ስትቀደድ ደሟ አልቆም አለ። ሚልኪ መጥቶ ተቀመጠ። ሦስት ተኩል አለፈ፣ አርባ አለፈ። አባይነሽ ጉዮ ጋር ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ሚልኪን ዛሬ ሂድና ነገ ሉብና ታጥብልህ አለችው። እሱ ትከሻዬ ሸቷል፣ ሐኪሙን ለማየት ሌላ ሳምንት አልጠብቅም አለ። እውነቱን ነው፣ ሽታው ለእኔም ይመጣ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን መኪናው ጥሎት ሄደ። አባይነሽ የግቢውን ዘበኛ ጉዮ ሲመጣ ውጪ እንዲያስቀምጠው አዘዘችው፣ ሚልኪን ደግሞ እኔ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። ሳላንኳኳ እንዳትከፍቺ አለችኝ።

ክፍሌ ሁለት በር አለው። የኋላው ወደ ሽንት ቤቱ ጓሮ ይወጣል፤ ጓሮውም ዘበኛው የማይጠብቀው የራሱ መግቢያ አለው። ጉዮ ቁስል በሚታጠብበት ቀን ሁሌ በእሱ ነበር የሚገባው፣ በምርኩዝ ለሚሄድ ደረጃ ስለሌለው። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፣ አባይነሽ አታውቅም። መቀርቀሪያውን ማድረግ ነበረብኝ። ጎንበስ ብዬ ፋሻ እየፈታሁ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጉዮ ምርኩዙን አስቀድሞ ገባ፣ ቀና ሲል ሚልኪን አየው። አልሸሸም። «ናጋ» አለው በኦሮምኛ፣ ሰላም እንደማለት፣ ሰው ከሩቅ የመጣ የአገሩን ልጅ እንደሚለው፣ ቀስ ብሎ።

ሚልኪ የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ብረት በቀኝ እጁ አነሳ። የመጀመሪያው ምት ጉዮን ጆሮው ላይ አገኘው፤ ድምፁ እንጨት ሲሰነጠቅ ዓይነት ነበር። ወደቀ። እኔ ጮኼ የሚልኪን ልብስ ያዝኩ፣ በክርኑ አፌን መታኝና ከግድግዳው ጋር ተጋጨሁ። አባይነሽ ሮጣ ገብታ በጉዮ ላይ ተደፋች። ሁለተኛው ምት እሷን አገኘ፤ ክንዷ ሲሰበር አይቻለሁ። ሦስተኛውን በእሷ አጠገብ አሳልፎ የጉዮን ራስ መታው። ከዚያ ብረቱን ጥሎ ቁጭ አለ። የወንድሙን ስም እየጠራ በደሙ ውስጥ ቁጭ አለ።

ሐኪሙ ደም በነካው ጓንት መጣና የቻለውን አደረገ። ጉዮን በመኪናው ራሱ ይዞት ወጣ። ጉዮ ሆስፒታል ሳይደርስ በመንገድ ሞተ።

ለፖሊስ ፋዲል የሰጠው ቃል፣ ሠራተኛዋ የሌለ ስም እየጻፈች ቀጠሮውን አበላሸች የሚል ነበር። አባይነሽ በመደገፊያ እንጨት በታሰረ ክንዷ አንድ ሌሊት ጣቢያ አደረች። በማግስቱ ኦቦ ዋሪዮ መጡ። ለመርማሪው፣ ለአባይነሽም ለፋዲልም ነግሬአቸው ነበር፣ የሰማችኝ እሷ ናት፣ ያልሰማኝ እሱ ነው አሉ። እኔም ያየሁትን፣ ስለ ኋላው በር ጭምር፣ ተናገርኩ። ለቀቋት።

ፋዲል ሊጠይቃት ወደ ቤቷ መጣ። ክንዷን አይቶ ዓይኑን መለሰ። ሃያ ደቂቃውን መልሼዋለሁ፣ ባዶውንም፣ ተመለሺ አላት።

«አንቱ ለፖሊስ የሌለ ሰው ጻፈች አሉ። እውነት ነው፣ ጽፌአለሁ» አለችው። «ጉዮ ግን ነበረ።»

እሱም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በኋላ መርማሪው ዘንድ ተመልሶ ቃሉን እንዳስተካከለ ሰማሁ።

ክንዷ ሳይድን ለጉዮ ልቅሶ ሄደች፣ ከእናቱ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ወደ እኔ መጥታ የሚልኪን ትከሻ እስር ቤት ማን እያጠበው ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም። የሰበረሽ እሱ አይደለም ወይ አልኳት። ቁስሉ ከተመረዘ ፍርዱን ሳይሰማ ይሞታል፣ ያኔ ሌላ ደም ይመጣል አለችኝ። አብረን ጣቢያ ሄድን። ለኃላፊው ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብላ በግራ እጇ በተጣመመ ጽሕፈት ጻፈችለት። ያን ሰዓት በክሊኒኩ ሌላ ሰው አልያዝንበትም። ሚልኪ በካቴና እየመጣ አጠብኩት። አንድ ቀንም ቀና ብሎ አላየኝም።

አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ኦቦ ዋሪዮና ሌሎቹ ሽማግሌዎች የሁለቱን ቤተሰብ ማስታረቁን እስከ ዛሬ አልጨረሱትም። አባይነሽ ወደ ፋዲል ክሊኒክ አልተመለሰችም። ያ የመታት ሰው ከነገሌ መልቀቁን ሰምታ ልጇን ይዛ ወደዚያ ተመለሰች፣ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ ትይዛለች። የካርድ ክፍሉን ወንበር እኔ ወረስኩት፤ የኋላውን በር በሚስማር አስመታሁት።