የጠበቃው ምክር በአንድ ገጽ

የሰዓት ሠሪው ሚስት ጎረቤቴ ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ባለቤቷን በቀይ ሽብር ሰሞን ከሱቁ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ዓርብ ምሳ ዕቃ ይዛ እስር ቤቱ በር ትሄዳለች። ዘበኛው የእስረኛውን ስም ጠይቆ ይቀበላትና ያለፈውን ሳምንት ባዶ ዕቃ ይመልስላታል። የባሏን ፊት ግን አንድም ቀን አላየችም።

በሦስተኛው ዓመት ቀበሌው ጠራት። ቤቱ የተመዘገበው በባሏ ስም ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ራሱ ካልቀረበ ለሌላ እንሰጠዋለን አሏት። የምታውቃቸው ጠበቃ ታመው ናዝሬት ልጃቸው ቤት ተኝተዋል። እኔ ቤት ስልክ አለ፤ ለዜና ሥራ የምይዘው ቴፕ መቅጃና ስልኩ ላይ የሚለጠፍ ማይክሮፎንም ነበረኝ። ጠበቃውን አስፈቅደን ቀዳናቸው።

"ቅዱት፤ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ግን አጥፉት" አሉ።

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ወደ እኔ ዞረች። "ገባህ?"

"በከፊል።"

"እኔ የገባኝ ጤና ይስጥልኝ ያሉት ብቻ ነው። እስቲ በሰው ቋንቋ ጻፍልኝ።"

በማግስቱ ካሴቱን እያቆምኩና እያጠነጠንኩ አዳመጥኩ። ለዜና እንደማደርገው፣ ጠበቃው በእርግጠኝነት የተናገሩትን "ይመስለኛል" ካሉት ለየሁ። እሷ ያለችውን ደግሞ ለብቻው አደረግሁ።

ምክራቸው ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው በሚስትነቷ መከራከር ነው። ቤቱ የተሠራው ከተጋቡ በኋላ ስለሆነ፣ በማንም ስም ቢመዘገብ የጋራ ነው። የጋብቻ ውላቸውን፣ ከሌለም ሠርጉን የሚያውቁ ምስክሮች ታቅርብ። ለቀበሌው በምትሰጠው ማመልከቻ ቅጂ ላይ ማኅተም ታስመታ። ባሏን ማን እንደወሰደው አትጻፍ፤ ሳታነብ አትፈርም። አደጋው፣ ሕጉ ከእሷ ጋር ቢሆንም ቀበሌው ላይሰማ ይችላል። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

ሁለተኛው ፍርድ ቤት ሄዶ ባሏ መጥፋቱን ማስወሰን ነው። ለዚህ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ መሆን አለበት። ከተወሰነ የእሷ ግማሽ በእጇ ይጸናል፤ የእሱ ግማሽ፣ ልጅ ስለሌላቸው፣ ለወንድሙ ይሄዳል። እትዬ እንደነገረቻቸው፣ ወንድሙ አብሯት ቀበሌ እንደሚቆም ቃል ገብቷል። ይህ መንገድ ይበልጥ ያዋጣል ብለው ያምናሉ። አደጋው፣ ውሳኔው ሲጸና ጋብቻውም በሕግ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጠበቃው "የመጨረሻ ወሬው መቼ ነው?" ሲሏት "በተወሰደ ዕለት" ብላለች። ቀጥላ ደግሞ "ዓርብ ዕቃው ባዶውን መጥቷል" አለች። "የበላው እሱ መሆኑን በምን ያውቃሉ?" አሏት። ቴፑ ላይ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የመስመሩ ጩኸት ብቻ ነው። ዝምታን እንደ መልስ መጻፍ አልችልም። "ደንበኛዋ አልመለሰችም" ብዬ አሰፈርኩ።

ወረቀቱን ሳነብላት የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማች። ጋብቻው ይፈርሳል የሚለው ላይ ስደርስ "በስተርጅና ጋለሞታ ሊያደርጉኝ ነው" አለችና ፈገግ አለች። የመጨረሻውን መስመር ስትሰማ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። መስመሩ "ሁለተኛውን መንገድ ከመረጡ ምግብ መውሰድ ያቁሙ። ወሬው የለም ብለው እየማሉ በስሙ ስንቅ ማስገባት አይቻልም" ይላል።

"ይሄን እሳቸው ናቸው ያሉት ወይስ አንተ?"

ካሴቱን መልሼ አሰማኋት። የጠበቃው ድምፅ ነበር፤ ቃል በቃል።

"ዕቃው ታጥቦ ነው የሚመጣው" አለች፣ ቴፑን እያየች። "እሱ በዕድሜው ሳህን አጥቦ አያውቅም።"

"ያንን ለጠበቃው ልንገራቸው?"

"ተው። እስር ቤት ያስተምራል።" ወረቀቱን ተቀበለችኝና አጠፈችው። "አንደኛውን ነው የምይዘው። ሁለተኛውን አጥፋልኝ።"

"አልሰርዘውም እትዬ። የተባለው እሱ ነው።"

"እንግዲያው ይቀመጥ" አለች።

ጠበቃው አጥፉት እንዳሉት፣ ካሴቱ ላይ በዚያው ሳምንት ስለ ጥጥ ለቀማ የተደረገ ንግግር ቀዳሁበት።

እትዬ ምስክሮቿን ይዛ ቀበሌ ሄደች። ማመልከቻዋን ተቀበሏት፤ ቅጂው ላይም ማኅተም መቱላት። ክረምቱ ሳይወጣ የፊተኞቹን ክፍሎች ለአንድ ካድሬ ቤተሰብ ሰጡ፤ ለእሷ ማድ ቤቱንና ከጎኑ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተዉላት። ስፌት መኪናዋ በበሩ አልገባ ብሎ እኛ ቤት ተቀመጠ።

ዓርብ ዓርብ ወደ ሥራ ስወጣ ቸርችል ጎዳና ላይ አገኛታለሁ። ምሳ ዕቃውን በነጠላዋ ሸፍናው ትወርዳለች።