እትዬ ዶቃ እና አራቱ ዶቃዎች

ተማሪዎቿ ከኋላዋ «እትዬ ዶቃ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። ልብስ ሰፊ የነበሩት እናቷ ከቀሚስ ጥልፍ የተረፉ ቀይና ነጭ ዶቃዎች በጣሳ ሙሉ ትተውላት ነው ያለፉት። ሌላው ከእናቱ ወርቅ ይወርሳል፣ እሷ ጣሳ ወረሰች። ያንን ጣሳ ይዛ ኮሌጅ ገባች፤ የቁጥሮችን ጠባይ የሚያጠናውን የሒሳብ ዘርፍ ስታስተምርበት ጠጉሯ ሸበተ። ስንቱን ሒሳብ ሲሰማ ሆዱን የሚቆርጠውን ሰው በዶቃ አባብላ መምህር አድርጋ አስወጥታለች።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታት። እግሯም ምላሷም ቀስ በቀስ ተመለሱላት፣ ሐኪሙም «ተርፈሻል» አላት። የተረፈው ግን ሁሉም አልነበረም። ሻይ ላይ ጨው ትጨምራለች፤ መነጽሯን ዐይኗ ላይ አድርጋ ቤቱን ታተራምሳለች። ልጇ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ በኋላ መሳቁን ተወች።

«እማዬ፣ ጡረታ መውጣት እኮ ነውር አይደለም» አለቻት አንድ ቀን።

«ነውር ነው መች አልኩ? ምን ሠርቼ ልዋል ነው ያልኩሽ።»

ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው ጠራት። እሱ ራሱ ያስተማረችው ልጅ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ከፈት ዘጋ እያደረገ ዐይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳ አለ።

«እትዬ፣ ስለ እርስዎ ከላይ ጠይቀውኛል። አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ቁጭ ብዬ ልከታተል። ደህና ከሆነ ክፍሉ የእርስዎ ነው፣ ማንም አይነካዎትም።»

«ደህና ካልሆነስ?»

«ደህና ይሆናል» አለ።

ፈራች። ክፍሉን ከወሰዱባት ከቤት ግድግዳ ጋር ተፋጥጣ ልትውል ነው፤ ይህን ደግሞ ከሞት ለይታ አታየውም። ስለዚህ ለዕለቱ በጣም የምትወደውን፣ በእንቅልፍ ልቧም ቢሆን የማይጠፋትን ትምህርት መረጠች።

በዕለቱ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። የኃላፊው መምጣት አስፈርቷቸው ነው ብላ አሰበችና ጠመኔውን አነሳች።

«አንድ ሙሉ ቁጥር ያዙ» አለች። «ከዚያ አንድ ብቸኛ ቁጥር ያዙ፤ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ እንደ ሦስት፣ እንደ አምስት። የመጀመሪያውን ቁጥር በብቸኛው ቁጥር ልክ ደርድራችሁ እርስ በርሱ አባዙት። ውጤቱን ለብቸኛው ቁጥር አካፍሉ። የሚተርፈው፣ ሳታባዙ ቁጥሩን ራሱን ብታካፍሉ ኖሮ ከሚተርፈው ጋር አንድ ነው። ለምን?»

ጣሳውን ከፈተች። የመጀመሪያው ቁጥር ሁለት፣ ብቸኛው ቁጥር ሦስት ይሁን፤ በሁለት ቀለም፣ ሦስት ሦስት ዶቃ በሽቦ ላይ ስትደረድር ስንት ዓይነት ይወጣል? ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ምርጫ አለ፤ ሁለት በሁለት በሁለት፣ ስምንት። ሁሉንም ሰሌዳው ላይ አንጠለጠለቻቸው። ሁለቱን ለብቻ አወጣች፤ አንዱ ሁሉም ቀይ፣ አንዱ ሁሉም ነጭ። ከቀሩት አንዱን አነሳችና የመጨረሻውን ዶቃ አውጥታ ከፊት አስገባችው። ቀይ ነጭ ነጭ የነበረው ነጭ ቀይ ነጭ ሆነ። አሁንም አዞረችው፣ ነጭ ነጭ ቀይ። በሦስተኛው ከመነሻው ተመለሰ።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለች፤ ሁልጊዜ እዚህ ላይ የምትለው ነው። «እነዚህ ሦስቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሁለት ቀይ ያላቸው ሦስቱም ሌላ ቤተሰብ። ስድስቱ በሦስት በሦስት ተቧደኑ፣ ምንም አልተረፈም። የማይዞሩት ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ስምንት ለሦስት ሲካፈል ቀሪው ሁለት የሆነው ለዚህ ነው።»

ከዚያ አምስት ዶቃ። ሠላሳ ሁለት ዓይነት፤ ባለ አንድ ቀለሞቹ ሁለቱ ሲወጡ ሠላሳ፤ ሠላሳው አምስት አምስት አባል ያላቸው ስድስት ቤተሰቦች። ቀሪው ሁለት። አንድም ቃል አልጠፋትም። ደስ አላት።

ኃላፊው ከኋላ ፈገግ አለ። የቀጠለውን ያደረገው ሊረዳት ብሎ ነው፤ እሷ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ጥያቄ የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል።

«እትዬ፣ ቁጥሩ ብቸኛ ባይሆንስ? አራት ዶቃ ብናደርገው?»

«ጥሩ ጥያቄ» አለችና አራት አራት ደረደረች። አሥራ ስድስት ዓይነት። ሁለቱን አወጣች፣ አሥራ አራት ቀረ። አራት አራት እያደረገች ማቧደን ጀመረች፤ ሦስት ቤተሰብ ሞላ፣ ሁለት ሽቦ ተረፋት። ደግማ ቆጠረች። ያው ነው። እጇ ግን በዘመናት ልማዱ ወደ ሰሌዳው ሄዶ ጻፈ፤ ቀሪ፣ ሁለት።

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጠመኔ ወለምታ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ተሰጥቶ ሁሉም ያየዋል። አሥራ ስድስት ለአራት ሲካፈል ምንም እንደማይተርፍ ሕፃን ያውቃል። እሷም የጻፈችውን መልሳ አየችና ፊቷ ጋለ። መልሱ እዚያው ውስጧ እንዳለ ይሰማታል፤ በተረፉት ሁለት ሽቦዎች ላይ የምትለው አንድ ነገር ነበር። ፈለገችው። ቦታው ባዶ ነው።

መምህር ለእንዲህ ያለ ቀን መላ አያጣም፤ «ይህን ለቤት ሥራ ያዙት» ብሎ ማለፍ ነው። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«አላስታውስም» አለች። «አራት ለምን እምቢ እንደሚል አውቅ ነበር። አሁን አላስታውስም።»

ከፊት ረድፍ አንዲት ተማሪ ተነስታ ወደ ሰሌዳው መጣች። ከተረፉት ሽቦዎች አንዱን አነሳች፤ ቀይ ነጭ ቀይ ነጭ። የመጨረሻውን ዶቃ ከፊት አስገባች፣ ነጭ ቀይ ነጭ ቀይ ሆነ። ደገመችው፣ ቀይ ነጭ ቀይ ነጭ።

«አራት ጊዜ ሳይዞር በሁለተኛው ቤቱ ገባ» አለች ቀስ ብላ። «አራት ለሁለት እኩል ስለሚቆረጥ ቀይ ነጭ የሚለው ቁራጭ ሁለት ጊዜ ገጠመበት። ስለዚህ የዚህ ቤተሰብ አባላት ሁለት ብቻ ናቸው፣ አራት አይሞሉም። ብቸኛ ቁጥር ግን እኩል እኩል ልቁረጥህ ቢሉት ነጠላ ነጠላ ካልሆነ አይቆረጥም። ነጠላው ቁራጭ ከተደጋገመ ደግሞ ሁሉም አንድ ቀለም ነው ማለት ነው፤ እነሱን አስቀድመን አውጥተናል። የቀረው ሁሉ ሙሉውን ዙር ሳይዞር ቤቱ አይገባም።»

እትዬ ዶቃ ሽቦውን ተቀብላ ራሷ አዞረችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ገባ። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ገና አሁን የሰማችው ያህል ነበር።

«እንዴት ያምራል» አለች። «ማን ነው ያስተማረሽ?»

ልጅቷ ወደ መሬት አየች።

«ማነው እኮ? ንገሪኝ እንጂ።»

«እርስዎ ነዎት እትዬ። ባለፈው ሰኞ። በእነዚሁ ዶቃዎች።»

ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። አንድም ቀና ያለ አልነበረም። ይህን ሁሉ ሰዓት አንዴ የተማሩትን እንደ አዲስ ሲሰሙላት ኖረዋል፣ መርሳቷን ከኃላፊው ሊደብቁላት። ኃላፊው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል።

«አራቱንም አሳይቼያችሁ ነበር?»

«አሳይተውናል። በደንብ ነበር ያሳዩን።»

እትዬ ዶቃ ጠመኔውን ለልጅቷ ሰጠቻት።

«እንግዲያው ያቺን ቀሪ አጥፊና አንቺ ጨርሺው።»

እሷ ደግሞ ልጅቷ በለቀቀችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ሰሌዳውን አጥፍታ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እትዬ ዶቃም እጇን አጣጥፋ እንደ ማንኛውም ተማሪ አዳመጠች። ሁሉም ነገር ገባት። እስከ ነገ አብሯት ይቆይ እንደሆነ ግን አታውቅም፣ ያስለቀሳትም ይኸው ነበር።