በታሪፉ ነው

በወላይታ አዲስ ዓመት፣ በጊፋታ ዋዜማ፣ ከገሱባ የሚመጣ ሚኒባስ ሶዶ መናኸሪያ ባዶውን ይደርሳል። ወደ ገሱባ ግን ሰው በመስኮትም ይገባል። ረዳቱ ዋጋውን እጥፍ አደረገው።

"ስመለስ የምጭነው አየር ነው፤ አየር ደግሞ አይከፍልም" አለን።

ይህ መኪና ካመለጠኝ በዓሉን ሱቁም ምግብ ቤቱም በተዘጋበት ከተማ ብቻዬን ማሳለፌ ነውና ከፈልኩ። አጠገቤ ቅቤ የታቀፉ እናት "አንተ ሌባ! እግዜርን አትፈራም?" እያሉ ከፈሉ።

መውጫው ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

"ስንት ከፈላችሁ?"

መኪናው ከታገደ ሌላ እንደማናገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ቀድመው የመለሱት እናትዬዋ ናቸው።

"በታሪፉ ነው፣ ልጄ። ይሄ ልጅ እኮ ጨዋ ነው!"

"በታሪፉ ነው!" አልን እኛም፣ እንደ መዘምራን በአንድ ድምፅ።

የፖሊሱ ፊት በራ። ዳር ቆማ መኪና የምትጠብቀውን እህቱን ጠራና ረዳቱን "እሷንም በታሪፉ አድርስልኝ" አለው።

ረዳቱ በሩን ከፈተ። እጥፍ የከፈልነው ተጣብቀን ቦታ ለቀቅንላት።

"ዘንድሮስ ለበዓል አልጨመሩም ማለት ነው" አለች ተመቻችታ።