ሙርሳል ሦስት ጊዜ የጻፈው ድርሰት

ሙርሳል በአሶሳ አካባቢ ካለችው ከመንጌ ወጣ ብላ በምትገኝ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል «ሀ»ን ያስተምር ነበር። እኔ የሻው ደግሞ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፤ ከግድግዳው ማዶ «ለ»ን አስተምራለሁ። ክልሉ ገና አዲስ ነበርና የምስክር ወረቀት የሌለን መምህራን በክረምት አሶሳ ለሥልጠና ተጠራን። የመጨረሻው ሥራ ድርሰት ነው፤ «ተማሪዎቻችሁ ለምን ትምህርት ያቋርጣሉ?» የስም መጥሪያ መዝገባችሁን ይዛችሁ ኑ ተብለናል። ድርሰቱ የወደቀበት ከመምህርነት ይሰናበታል፤ ሙርሳል ደግሞ ከማስተማር ሌላ ሥራ አያውቅም።

እሱ ስድስት ገጽ ስለ ወርቅ ጻፈ። ሴቶቹ ከወንዙ ዳር አፈሩን እንዴት እንደሚቆፍሩ፣ በእንጨት ገበቴ እንዴት እንደሚያጥቡ፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ቆመው ውለው እግራቸው እንዴት እንደሚጨማደድ። አንብቤ ቀናሁ። የጎጃሟ መምህራችን ትሩፋት ግን በቀይ እስክሪብቶ «ገለጻው ጥሩ ነው፤ ትንተና የለውም። ለምን?» ብላ መለሰችው።

እኔ ምላሴ አያርፍም፤ አማርኛህ ነው ችግሩ አልኩት። አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ እንደዚያ ማለት ቀላል ነበር። ግሱን አቃናሁለት፣ መግቢያው ላይ «ሳይደግስ አይጣላም» የሚል ተረት ለጠፍኩበት። ተረቱ ተሰርዞ «አሁንም ገለጻ ነው» የሚል ቀይ ተጽፎበት ተመለሰ። ሙርሳል ወረቀቱን አልጋው ላይ ወረወረው።

«ለምን፣ ለምን ይላል። ወርቅ ስላለ ነዋ! ይሄ ሴትዮ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

እኔም ተናድጄ ነበር፤ የተሰረዘው የኔ ተረት ነዋ። በማግስቱ ቢሮዋ ድረስ ሄደን ጠየቅናት። የሌሎችን ወረቀት እያረመች ጥያቄውን በጥያቄ መለሰችልን። ምክንያቱ ወርቁ ከሆነ ልጆቹ መቼ መጥፋት ነበረባቸው? የየትኛው መንደር ልጆች? መዝገቡስ ይህንኑ ይላል? ሌላ ምክንያት ሊኖር አይችልም? ከዚያ ወደ እርማቷ ተመለሰች።

ሙርሳል እያጉረመረመ መዝገቡን ገለጠ። በኛ ዘንድ ወርቅ ማጠብ የሚጀመረው ከአዝመራ በኋላ፣ ጥር ላይ ነው። ካቋረጡት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ግን አሥራ አራቱ የጠፉት ኅዳር ላይ ነበር። የወንዙ ዳር መንደር ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ እስከ ሰኔ ተምረዋል። ስድስቱ ገጽ ውሃ በላቸው።

እንግዲያው የማሽላ አጨዳ ነው አልኩ። እሱም መዝገብህን አምጣ አለኝ። የኔዎቹም ኅዳር ላይ ጠፍተዋል፤ ነገር ግን አጨዳው ሲያልቅ ከሦስት በቀር ሁሉም ተመልሰዋል። የሁለታችንም ልጆች መንደሮች አንድ፣ ማሽላው አንድ፣ ወንዙ አንድ። ታዲያ ኅዳር ላይ የሱ ክፍል ውስጥ ኖሮ የኔ ውስጥ ያልነበረው ምንድን ነው?

ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ኅዳር መግቢያ ላይ ሙርሳል ደንብ አወጣ፤ ክፍል ውስጥ በበርታ ቋንቋ የተናገረ ልጅ ደወል እስኪደወል ጥቁር ሰሌዳው ሥር ይቆማል። እሱ በልጅነቱ በአማርኛው ተስቆበታል፤ በነሱ ማንም እንዳይስቅ ብሎ ነው። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ልጆቹ ዝም ሲሉ እየሰማሁ፣ ክፍልህ እንዴት ያለ ሥርዓት አለው ብዬ አመስግኜዋለሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ በራሴ እናደዳለሁ።

ተወው፣ አጨዳውን ጽፈህ እለፍ፤ በገዛ እጅህ ራስህን አታስከስስ ብዬ መከርኩት።

«አጨዳ ከሆነ ያንተ ልጆች ለምን ተመለሱ?» አለኝ።

የትሩፋት ጥያቄ በሱ አፍ መጣብኝ። ተቀምጦ አራት ገጽ ጻፈ። ወርቁ አንድ አንቀጽ ብቻ ሆነ፤ የሁለቱ መዝገቦች ቁጥር ጎን ለጎን ገባ፤ ደንቡም ከነወሩ ተጻፈ። «ወላጆቹን ገና ስላልጠየቅሁ ለሁሉም ልጆች ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አልችልም» የሚልም ጨመረበት። ትሩፋት «ይህ ትንተና ነው» ብላ የማለፊያ ነጥብ ሰጠችው። እኔ እፎይ አልኩ፤ እሱ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

መስከረም ላይ ደንቡን መሻሩን ሊናገር ቤት ለቤት ዞረ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። አምስት ልጆች ለመመለስ ተስማሙ። በስድስተኛው ቤት የልጁ አባት ረጀብ በአክብሮት አስቀመጡን፤ ሙርሳልም በቋንቋቸው ይቅርታ ጠየቃቸው። ሰውየው አልተቆጡም። የተናገሩትን ሙርሳል መንገድ ላይ ተረጎመልኝ።

«አንተ አላጠፋህም፤ ጥፋቱ የልጄ ነው። እዚህ ቤት ተቀምጦ አማርኛውን ይልመድ፤ ሲችል እልከዋለሁ» ነው ያሉት።

በዚያ ቤት አማርኛ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።