«ውይ» አይቆረጥም

አክስቴን ካርድ ክፍል ውስጥ «እትዬ እንቁላል» ነው የሚሏት። ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች ለማለት ነው። ስትራመድ ቀስ፣ ስታወራ ቀስ፣ እንቢ ስትል ግን መብረቅ ናት።

ሃያ ሁለት ዓመት ለበሽተኛ ካርድ ስታወጣ ኖረች። ካርዱ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ፣ «ለሠራተኛው ማስተማሪያ ቪዲዮ ቅረጪ» ተባለች። ዕቃ ግምጃ ቤት ገባች። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ሰቀለች፣ ማራገቢያውን ጸጥ አደረገች። ስክሪኑን ትቀዳለች፣ የማውሱ ቀስት የሚያርፍበትን ታጎላለች፣ አንዴ ተጭና ሁለት ትንፋሽ ትጠብቃለች።

እኔ የሆስፒታሉን መስኮት ነው የምወለውለው። «አክስቴ፣ ምን ይጎትትሻል?» አልኳት።

«ያንተ አፍ ይሮጣል። የሰው ዓይን ግን ቁልፉን ፈልጎ ነው የሚያገኘው።»

መሃል ላይ ተሳሳተች። የመለማመጃውን የድሮ በሽተኛ «ፈልግ» ብላ ማውጣት ሲገባት «አዲስ» ብላ መዘገበችው። አንድ ሰው፣ ሁለት ካርድ! «ውይ!» አለች። ቀረጻውን ግን አላቆመችም። ሁለቱን ካርዶች ከፈተች፣ የሚቀረውን የድሮውን መረጠች፣ «አዋህድ» የሚለውን አጉልታ ተጫነች።

የሥልጠና ኃላፊው አየውና በአፍንጫው ተነፈሰ። በአፍንጫው ነው የሚያወራው፤ ቤት ውስጥ ሳስመስለው እናቴ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«እትዬ፣ ስህተት ያለበት ቪዲዮ ከኛ ቢሮ አይወጣም። ዘጠኙን ደቂቃ አራት አድርጌዋለሁ።»

«ስህተቱ ከተቆረጠ ድምፄም አብሮ ይቆረጥ።»

«እንቢ ካሉ ወደ መዝገብ ቤቱ አቧራ ይመለሳሉ።»

«አቧራው ያውቀኛል ልጄ። አንተን ነው የማያውቅህ።»

ሰኞ ጠዋት የተቆረጠውን ለካርድ ክፍል ሠራተኞች አሳየ። ቪዲዮው ብልጭ ብሎ አለቀ። ለመለማመድ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሻምበል የምንለው ሽማግሌ ነው። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ትከሻው ነው ማዕረጉን የሰጠው። ቀስቱን ሲፈልግ ቆየ፣ አገኘና «አዲስ» ላይ ጠቅ! መዘገበ። ሁለተኛ ካርድ።

«አሁንስ?» አለ ሻምበል፣ እጁን እሳት እንደነካው ሰብስቦ።

«ይሰርዙታል፣ ቀላል ነው» ብሎ ኃላፊው ራሱ ማውሱን ያዘ። ቁጥር የተሰጠው ካርድ አይሰረዝም፤ ማሽኑ እንቢ አለው። ደግሞ ተጫነ። ደግሞ እንቢ። ግንባሩ በላብ አበራ፤ እኔ እንኳ እንደዚያ ያለ መስታወት ወልውዬ አላውቅም።

አክስቴ ቀስ ብላ ተነሳች። ከኪሷ ፍላሽ አውጥታ ሰካች፣ ሳይቆረጥ የቀረውን ከፈተች። «ውይ!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሻምበል ግን አልሳቀም። ቀስቱን በዓይኑ ተከትሎ፣ በሁለቱ ትንፋሽ መሃል ቁልፉን አግኝቶ፣ «አዋህድ» የሚለውን ተጫነ። ካርዱ አንድ ሆነ።

«ይሄኛው ነው የኔ ቪዲዮ» አለ ሻምበል። «እኔ የምሳሳተውን ተሳስታልኛለች።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ዘጠኝ ደቂቃው ይሁን። ቢያንስ ያቺን ‹ውይ› እንቁረጣት። ከመሥሪያ ቤቱ ክብር አንጻር።»

አክስቴ ፍላሹን አስረከበችው።

«ውይም ይቆያል» አለችው።

ቆየ።